ከለር ፒዲኤፍን ጽሑፉ ሳይደበዝዝ በጥቁርና ነጭ ማተም

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት ኮፒ ቤቶች ፕሪንት ያስወጣ ሰው ሁለቱን ዋጋ ያውቃል። አንዱ የብላክ ኤንድ ዋይት ነው፣ ሌላው የከለር። ልዩነቱ እንደየቤቱ ቢሆንም ከለሩ በብዙ እጥፍ ይወደዳል። ሰውን የሚያበሽቀው ደግሞ ገጹ ላይ ያለው ከለር አንዳንዴ አንዲት ሰማያዊ ርዕስ ብቻ መሆኗ ነው። ለማሽኑ ይህ አይገባውም። ብዙዎቹ ትልልቅ የከለር ማሽኖች የጥቁርና የከለር ገጾችን ለየብቻ ይቆጥራሉ። ገጹን ትንሽ ከለር ከነካው ወደ ከለሩ ቆጣሪ ይገባል። ኮፒ ቤቱም የሚያስከፍለው በዚያው ነው።

የተለመደው መፍትሔ «በጥቁርና ነጭ አውጣልኝ» ማለት ነው። ዋጋው በእርግጥ ይወርዳል። ወረቀቱ ሲወጣ ግን ርዕሶቹ ፈዘዋል፣ ሊንኮቹ ተሸርሽረዋል፣ የግርጌ ማስታወሻውን ለማንበብ ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «ቶነሩ አልቋል» ብሎ ባለቤቱን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ቶነሩ ምንም አልሆነም። ፕሪንተሩ የተሰጠውን ግራጫ በታማኝነት አትሟል። ችግሩም ያ ግራጫ ነው።

ጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር ግራጫ ቀለም የለውም። ያለው ጥቁር ቶነር ብቻ ነው። አንድ ነጥብ ላይ ወይ ቶነር ያርፋል ወይ አያርፍም። ግራጫ አምጣ ሲባል ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችን አራርቆ ይረጫል፣ በመካከላቸው የሚታየው ነጭ ወረቀት ከሩቅ ግራጫ መስሎ ይታየናል። የጋዜጣ ፎቶን ዓይናችሁ ሥር አስጠግታችሁ ካያችሁ ነጥቦቹን ታገኟቸዋላችሁ።

ለፎቶ ይህ ዘዴ ይሠራል። ለፊደል ግን ጠላት ነው። 600 ዲፒአይ የሚባል ፕሪንተር ጥቁር ፊደልን ሲያትም በአንድ ኢንች ውስጥ 600 ነጥብ ማስቀመጥ ይችላል፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ይወጣል። ያው ፊደል ግራጫ ከሆነ ግን ፊደሉን የሚሠሩት እነዚያ የተራራቁ የግራጫ ነጥቦች ናቸው። እነሱ ደግሞ በኢንች ውስጥ 100 ገደማ ረድፍ ብቻ ነው የሚኖራቸው። ጠርዙ ይቆራረጣል፣ ቀጭኑ መስመር ይበጣጠሳል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ለዚህ የተጋለጠ ነው። «ቢ» እና «ቤ»ን የሚለየው እግር ሥር ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ አንዱ ላይ ሰረዝ፣ ሌላው ላይ ቀለበት። «ሚ» እና «ሜ»፣ «ሲ» እና «ሴ» እንዲሁ ናቸው። በ9 የፎንት መጠን የተጻፈ የግርጌ ማስታወሻ ግራጫ ሆኖ ሲታተም ያቺ ቀለበት በነጥቦቹ መካከል ትሞላለች ወይም ትጠፋለች። አንባቢው ቃሉን ከአውዱ ይገምታል። ስምና ቁጥር ሲሆን ግን የሚገመት ነገር የለም።

ምን ያህል ግራጫ እንደሚሆን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ከለሩ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። የተለመደው ስሌት ከቀዩ 30 በመቶ፣ ከአረንጓዴው 59 በመቶ፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ወስዶ ይደምራል። ማይክሮሶፍት ዎርድ በ2016 እና በ2019 እትሞቹ ለዋና ርዕስ ራሱ የሚሰጠውን ሰማያዊ እንውሰድ። መጠኑ ቀይ 47፣ አረንጓዴ 84፣ ሰማያዊ 150 ነው። ድምሩ ወደ 80 ይመጣል። 255 ነጭ ስለሆነ ይህ 31 በመቶ ብርሃን ማለት ነው፤ ማለትም 69 በመቶ ጥቁር። ስክሪን ላይ ጥሩ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው ርዕስ ወረቀት ላይ ሲሶው ባዶ ነው። ፕሮግራሞች ስሌቱን ትንሽ ለየት አድርገው ሊሠሩት ይችላሉ፣ ውጤቱ ግን ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው። ፎቶውና ግራፉ ግራጫ ይሁኑ፣ ጽሑፉ ግን ሙሉ ጥቁር ይሁን። ይህን ለይተን ካልጠየቅን ማንም ለይቶ አይሠራልንም።

ከዚያ በፊት አንድ ወጥመድ አለ። ፒዲኤፍ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ፎቶ አይደለም። ፊደሉ የተቀመጠው የቅርጹ መስመር ተነግሮ ነው። ስለዚህ 100 እጥፍ ቢያጎሉትም ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ፕሪንተሩም ያንን ቅርጽ ተቀብሎ በራሱ ሙሉ ጥራት ይስለዋል። አንዳንድ መንገዶች ግን ገጹን በሙሉ ፎቶ ያደርጉታል። ስክሪንሹት ማንሳት አንዱ ነው። ገጾቹን ጄፒጂ አድርጎ፣ ግራጫ አድርጎ፣ መልሶ ፒዲኤፍ ማድረግ ሌላው ነው። ኢሜጅማጂክ የሚባለው ፕሮግራምም ፒዲኤፍ ሲሰጡት መጀመሪያ ወደ ፎቶ ይቀይረዋል። አንዴ ፎቶ ከሆነ በኋላ የፊደሉ ቅርጽ የለም፣ የቀረው ነጠብጣብ ነው። የቴሌግራም ነገርም እዚህ ይገባል። ፒዲኤፉን በፋይልነቱ ከላካችሁ ምንም አይነካውም። ገጹን በፎቶ ከላካችሁ ግን ጨምቆ ያሳንሰዋል።

ምንጩ የዎርድ ፋይል በእጃችሁ ካለ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልጋችሁም። ጽሑፉን በሙሉ መርጣችሁ ቀለሙን `Automatic` አድርጉት፣ ከዚያ በፒዲኤፍ አስቀምጡት። `Automatic` ከተራ ጥቁር የሚሻልበት ምክንያት አለ። ከጽሑፉ ሥር ጠቆር ያለ የሠንጠረዥ ጥላ ካለ ዎርድ ራሱ ፊደሉን ነጭ ያደርገዋል። በቢጫ ያቀለማችሁትን ማድመቂያም አጥፉት። ቢጫ ወደ ግራጫ ሲለወጥ 11 በመቶ ጥቁር ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ከፊደሎቹ ሥር የአቧራ ያህል ነጥብ ይበተናል።

ብዙ ጊዜ ግን ያለን ፒዲኤፉ ብቻ ነው። ሞጁል ከመምህር ተልኮልን፣ ወይ የዎርዱ ፋይል የተበላሸ ፍላሽ ውስጥ ቀርቶ። ለዚህ እኔ የምመርጠው ጎስትስክሪፕት፣ `Ghostscript`፣ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ይሠራል። በማውዝ የሚጫኑ ቁልፎች ስለሌሉት መጀመሪያ ያስፈራል። አንዴ የሠራ ትዕዛዝ ግን ሁልጊዜ ይሠራል። ፋይላችሁን ኢንተርኔት ላይ ለማታውቁት ድረ ገጽ መስጠትም አይጠበቅባችሁም። ይህ ደግሞ መታወቂያና ውል ላለበት ሰነድ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። የመመረቂያ ጽሑፍ ነው እንበል፣ 80 ገጽ። ርዕሶቹ ሰማያዊ ናቸው፣ ሊንኮቹም እንዲሁ። አራት ገጽ ላይ ግራፍ አለ፣ አንድ ገጽ ላይ የጥናቱ አካባቢ ካርታ። ኮፒ ቤቱ ለጥቁር 5 ብር፣ ለከለር 25 ብር ይላል እንበል። ከለር ያለባቸው 50 ገጾች ከሆኑ ለአንድ ቅጂ 1,250 ብር ለእነሱ፣ 150 ብር ለቀሪዎቹ ነው፤ 1,400 ብር። ሁሉም በጥቁር ከወጡ 400 ብር። ሦስት ቅጂ አስገቡ ሲባል ልዩነቱ 3,000 ብር ይሆናል።

በመጀመሪያ የትኞቹ ገጾች ከለር እንዳለባቸው እንይ። ፋይሉን አጭርና በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ስጡት፤ በስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ባይኖር ጣጣ ይቀንሳል። ዊንዶውስ ላይ ትዕዛዝ መጻፊያውን፣ `Command Prompt` የሚባለውን፣ ከፍታችሁ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ ይህን ጻፉ።

```
gswin64c -q -o - -sDEVICE=inkcov tsihuf.pdf
```

«ፕሮግራሙ አልተገኘም» ካላችሁ ጎስትስክሪፕት በተጫነበት ፎልደር ውስጥ `bin` የሚለውን ፈልጋችሁ ሙሉ አድራሻውን ከፊት ጻፉ፤ አድራሻውንና `gswin64c`ን አንድ ላይ በ`"` ምልክት መካከል አስገቧቸው። ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ በ`gswin64c` ቦታ `gs` በሉ። ለእያንዳንዱ ገጽ እንዲህ ያለ መስመር ይወጣል።

```
 0.01240  0.00981  0.00312  0.04120 CMYK OK
```

አራቱ ቁጥሮች ገጹ ላይ የሚያርፈው የሲያን፣ የማጀንታ፣ የቢጫና የጥቁር ቀለም ድርሻ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንዱ እንኳ ከዜሮ በላይ ከሆነ ገጹ ከለር አለበት። አንዳንዴ ለዓይን ጥቁር ብቻ የሚመስል ገጽም እዚህ ይያዛል። ጥቁሩ ከሦስቱ ከለሮች ተደባልቆ የተጻፈ ከሆነ ነው። ኮፒ ቤት ውስጥ «ይሄ እኮ ጥቁር ነው!» ብሎ ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ገጽ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ትዕዛዝ።

```
gswin64c -o tsihuf-bw.pdf -sDEVICE=pdfwrite ^
 -sColorConversionStrategy=Gray ^
 -dProcessColorModel=/DeviceGray ^
 -dBlackText tsihuf.pdf
```

በመስመሩ መጨረሻ ያለችው ምልክት ትዕዛዙ እንደሚቀጥል ለዊንዶውስ የምትነግር ናት፤ ሁሉንም በአንድ መስመር ከጻፋችሁ አታስፈልግም። `pdfwrite` አዲስ ፒዲኤፍ ጻፍ ማለት ነው፣ ፊደሉን በፊደልነቱ ይጠብቃል። ቀጥሎ ያሉት ሁለት መስመሮች ከለሩን በሙሉ ወደ ግራጫ ይለውጣሉ። ዋናዋ ግን የመጨረሻዋ `-dBlackText` ናት። ጽሑፍ የሆነውን ሁሉ ሙሉ ጥቁር ታደርጋለች። ያ 69 በመቶ የነበረው ርዕስ 100 በመቶ ይሆናል፣ ነጥቦቹም ይጠፋሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። የጎስትስክሪፕት እትማችሁ አሮጌ ከሆነና ይህችን ቃል ካላወቃት ስህተት ብሎ አይጮህም። ዝም ብሎ ያልፋታል። ፋይሉ ይወጣል፣ ርዕሱ ግን ግራጫ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ የወጣውን ፋይል ከፍታችሁ አንድ ርዕስና ከሥሩ ያለውን አንቀጽ 400 በመቶ አጉልታችሁ ጎን ለጎን እዩ። ጥቁረታቸው እኩል መሆን አለበት። በዚያው የፊደሉን ጠርዝ ተመልከቱ። ጥርት ያለ ከሆነ ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ቀርቷል። ደረጃ ደረጃ የሠራ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ፎቶ ሆኗል። ከዚያ የ`inkcov` ትዕዛዙን በአዲሱ ፋይል ላይ ድገሙት። በሁሉም ገጽ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ዜሮ መሆን አለባቸው።

ቁጥሩ ዜሮ ሆነ ማለት ግን ገጹ ይነበባል ማለት አይደለም። ግራፎቹን በዓይን ማየት ግድ ነው። ቀዩን መስመር 255 ቀይ ብቻ እንበለው፤ ወደ ግራጫ ሲሄድ 76 አካባቢ ይመጣል። ጠቆር ያለው አረንጓዴ፣ 128 አረንጓዴ ብቻ፣ 75 አካባቢ ይመጣል። ስክሪን ላይ ሰማይና ምድር የነበሩት ሁለት መስመሮች ወረቀት ላይ አንድ ሆኑ ማለት ነው። የወንድና የሴት ተማሪዎችን ውጤት የሚያነጻጽር ግራፍ ከሆነ ማንም የማንን እንደሆነ አይለይም። ይህን ጎስትስክሪፕት ሊያድናችሁ አይችልም፣ የጠፋው መረጃ ነውና። ግራፉ ኤክሴል ላይ ካለ አንዱን መስመር ቆርጥ ቆርጥ አድርጉት ወይም ስሙን ከመስመሩ አጠገብ ጻፉበት። ኤክሴሉ ከሌለ ያንን ገጽ ብቻ በከለር ማስወጣት ይሻላል። በእኛ ምሳሌ ካርታውንና ሁለት ግራፎችን በከለር ብናስወጣ በአንድ ቅጂ የሚጨመረው 60 ብር ነው። እኔ ብሆን ሳላቅማማ እከፍላለሁ።

`-dBlackText` ራሷም ጣጣ ታመጣለች። ጠቆር ባለ ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ በቢጫ የተጻፈ ርዕስ ካለ ሳጥኑ ጠቆር ያለ ግራጫ ይሆናል፣ ጽሑፉ ደግሞ ጥቁር። ጥቁር በጥቁር ላይ! የሽፋን ገጽና የሠንጠረዥ አናት ላይ ይህን ፈልጉ። ካገኛችሁ ለዚያ ገጽ ብቻ ትዕዛዙን ያለ `-dBlackText` አስኪዱና ውጤቱን ለየብቻ አትሙ። `-dFirstPage=1 -dLastPage=1` ብትጨምሩበት የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ያወጣላችኋል። በዲዛይን ፕሮግራም ተሠርቶ ፊደሉ ወደ ሥዕል መስመር የተቀየረ ርዕስም አለ። ለዓይን ጽሑፍ ነው፣ ለፕሮግራሙ ግን አይደለም። ስለዚህ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በማውዝ ጎትታችሁ ጽሑፉ ካልተመረጠ ያ ነው።

የድሮ የግዕዝ ፎንቶች ደግሞ ሌላ ወሬ አላቸው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። እንዲህ ያለ ፎንት ፒዲኤፉ ውስጥ ተካቶ ከሆነ ችግር የለም። ካልተካተተ ግን ጎስትስክሪፕት ሌላ ፎንት ይተካበታል፣ ገጹም `xNd ¸R` ዓይነት ትርጉም የለሽ ነገር ይሆናል። ያ ሰነድ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ደህና የሚታየው ፎንቱ እዚያ ስለተጫነ ብቻ ነው። መፍትሔው ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ፒዲኤፉን እንደገና፣ ፎንቱን አካቶ ማውጣት ነው።

በስካን ወይም በስልክ ካሜራ የተነሣ ገጽ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እዚያ ውስጥ ጽሑፍ የለም፣ የጽሑፍ ፎቶ ነው ያለው። ግራጫ ስታደርጉት ቢጫ ያለው የወረቀቱ መልክ ራሱ ግራጫ ይሆንና ገጹን በሙሉ ያቆሽሸዋል፤ ቶነርም ይበላል። ለእሱ የሚሻለው ስካን ሲደረግ ገና `Black & White` ብሎ በ600 ዲፒአይ ማንሳት ነው፤ `Grayscale` አይደለም። አንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ብቻ እንዲሆን ያስገድደዋል። ፎቶ ካለበት ግን ፎቶውን ያጠፋዋል።

ሰነዱ ውስጥ የስክሪን ፎቶዎች ካሉ፣ ለምሳሌ የፕሮግራም ገጽታ የሚያሳይ ሪፖርት ከሆነ፣ ከለሩ ሲለወጥ ምስሎቹ እንደገና ይጨመቃሉ። በፎቶው ውስጥ ባሉት ፊደሎች ዙሪያ የደመና ጥላ የመሰለ ነገር ካያችሁ መንስኤው ይህ ነው። ከትዕዛዙ ውስጥ፣ ከፋይሉ ስም በፊት፣ እነዚህን ጨምሩ።

```
-dAutoFilterGrayImages=false -dGrayImageFilter=/FlateEncode ^
-dAutoFilterColorImages=false -dColorImageFilter=/FlateEncode
```

ፋይሉ ይተልቃል፣ ፊደሎቹ ግን ተጨማሪ ጉዳት አይደርስባቸውም። በተቃራኒው አንዳንዶች ፋይሉ እንዲያንስ `-dPDFSETTINGS=/screen` የሚል ይጨምራሉ። እሱ ፎቶዎቹን ወደ 72 ዲፒአይ ያወርዳቸዋል። ለስልክ እንጂ ለወረቀት አይሆንም።

ኮፒ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ። የመጀመሪያው ቶነር ቆጣቢው እንዲጠፋ ነው፤ ኤችፒ ማሽኖች ላይ `EconoMode` ይባላል። እሱ ከበራ ጥቁሩን ፊደል ራሱ ያሳሳዋል፣ የደከማችሁበትን ሁሉ ውኃ ይበላዋል። «ወንድሜ፣ ኢኮኖ ሞዱን አጥፋልኝ» ካላችሁት ባለሙያው ይገባዋል። ሁለተኛው ፋይሉን ቀድሞ ለመለወጥ ላልቻለ ሰው ነው። በአንዳንድ የፕሪንተር ማዘዣ መስኮቶች ውስጥ `Print All Text as Black` የሚል ምርጫ አለ። እሱን ማብራት ለተራ ሰነድ ይበቃል። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ገጽ ብቻ አስወጡ። ግራፍም ትንሽ ጽሑፍም ያለበትን ገጽ ምረጡ፣ ወደ ደጅ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን የግርጌ ማስታወሻውን አንብቡት። «ቢ» እና «ቤ» ከተለዩ ቀሪዎቹን 79 ገጾች እዘዙ።